የዓመት መጨረሻ ወይስ የዓመት አጋማሽ? የሱሉልታው ወተት፣ ድርቆሽ እና የዛሬ ዋጋ

ባለፈው ጥቅምት የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ መጣ። ሱሉልታ ላይ አንድ የወተት እርባታ ሊሸጥ ነው። ላሞቹ፣ በረቱ፣ የወተት ደንበኞቹ እና 5 ዓመት የቀረው የቦታ ኪራይ ውል አንድ ላይ። ሻጩ 1,900,000 ብር ጠርተዋል። ርክክቡ ኅዳር 1 ነው።

ከወጪ ቀሪ በዓመት 600,000 ብር ይገኛል ብሎ ገምቷል። በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ላሞቹን በ500,000 ብር ይሸጣል። ገንዘቡ በዓመት 25 በመቶ ካላመጣለት ሌላ ነገር ላይ ቢያውለው ይመርጣል። ታዲያ እርባታው ዛሬ ስንት ያወጣል? የሱ ኤክሴል 1,777,408 ብር አለ። በ1.9 ሚሊዮን መግዛት አያዋጣም ማለት ነው። ያንኑ ፋይል ባንክ የሚሠራ ጓደኛው አየለት። የጓደኛው መልስ 1,967,864 ብር ሆነ። ግዛ ማለት ነው።

ላሞቹ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ መልሱ ሁለት። «ማናችን ነን የተሳሳትነው?» አለኝ።

ማካፈሉ ላይ ማንም አልተሳሳተም። የተለያዩት ገንዘቡ በዓመቱ ውስጥ መቼ ይደርሳል በሚለው ብቻ ነው። እሱ የዓመት መጨረሻ ስሌት ተጠቀመ። ጓደኛው የዓመት አጋማሽ ስሌት ተጠቀመ። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን ከዚሁ እርባታ ጋር እያየን እንሂድ። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም መልሶች ልክ አልነበሩም።

ሁለቱ ስሌቶች የሚሉት

የዓመት መጨረሻ ስሌት የአንድ ዓመት ገንዘብ በሙሉ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን በአንድ ጊዜ እጅ ይገባል ብሎ ያስባል። ዛሬ የተያዘ 1 ብር በ25 በመቶ ከዓመት በኋላ 1.25 ስለሚሆን፣ የመጀመሪያውን ዓመት 600,000 ብር ለ1.25 ያካፍላል። 480,000 ብር ይሆናል። የሁለተኛውን ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ ያካፍላል። እንዲህ እያለ እስከ አምስት ይሄዳል።

የወተት ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ላም በየቀኑ ትታለባለች። ወተት ሰብሳቢው በየ15 ቀኑ ወይም በየወሩ ይከፍላል። የመጀመሪያው ወር ገንዘብ 12 ወር አይጠብቅም። የመጨረሻው ወር ገንዘብ ብቻ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው። አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ሲደርስ አማካዩ ስድስት ወር ላይ ያርፋል። የዓመት አጋማሽ ስሌት ይህን ነው የሚይዘው። የዓመቱን ገንዘብ በሙሉ ዓመቱ መሃል ላይ እንደደረሰ ይቆጥራል። ለመጀመሪያው ዓመት 1 በማለት ፋንታ 0.5 ይላል። ለሁለተኛው 1.5፣ ለአምስተኛው 4.5።

1.25 በ0.5 ኃይል ሲሆን 1.118 ይሆናል። 600,000 ለሱ ሲካፈል 536,656 ብር። ከ480,000 ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«አጋማሽ የሚባለው ግምት ነው፣ እውነቱን በምን አውቃለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ልክ ነው። ወር በወር እናስላው። 50,000 ብር በየወሩ መጨረሻ ለ12 ወር ይግባ። እያንዳንዱን ወር በራሱ ጊዜ ዲስካውንት ስናደርገው፣ ማለትም ወደ ዛሬ ዋጋ ስንመልሰው፣ ድምሩ 532,786 ብር ይመጣል። አጋማሹ 536,656 ነበር ያለው። ልዩነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። የዓመት መጨረሻው ስሌት ግን ከእውነቱ 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሏል። አጋማሹ ትንሽ ከፍ ያለው ክፍያው በየወሩ መጨረሻ ስለሆነ ነው። በየቀኑ ቢከፈል ኖሮ እንዲያውም በጣም በትንሹ ዝቅ ይል ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ። የሁለቱ ስሌቶች ልዩነት የሚሰፋው በዲስካውንቱ መጠን ነው። በ10 በመቶ ልዩነቱ 4.9 በመቶ ነው። በ20 በመቶ 9.5፣ በ25 በመቶ 11.8 ይደርሳል። ዲስካውንቱ ትንሽ ሲሆን የትኛውንም ብትመርጡ ብዙ አይጎዳችሁም። እኛ አገር ግን ገንዘቡን ያዋለ ሰው በ10 በመቶ ደስ አይለውም። ለዚህ ነው እኛ ጋ ጉዳዩ የሚከብደው።

ኤክሴል ላይ

የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመልሰው የኤክሴል `NPV` ሳይነግራችሁ የዓመት መጨረሻን ይጠቀማል። የአክስቴ ልጅ ስሌቱን የመረጠው ራሱ አይደለም፣ ኤክሴል ነው የመረጠለት። ወደ አጋማሽ ለመቀየር አንድ ማባዣ ይበቃል። የአምስቱ ዓመት ገንዘብ ከ`B2` እስከ `B6` ቢሆን፣ የላሞቹ መሸጫ `B7` ላይ ቢሆን፣ ጓደኛው የጻፈው ይህ ነው፦

```
=NPV(25%,B2:B6)*(1+25%)^0.5+B7/(1+25%)^5-1900000
```

መልሱ 67,864 ብር ትርፍ ነው። ቀመሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ማባዣው የነካው የወተቱን ገንዘብ ብቻ ነው። የላሞቹ ሽያጭ በ5 ነው የቀረው፣ በ4.5 አይደለም። ላሞቹ በየወሩ በትንሽ በትንሹ አይሸጡም። በመጨረሻው ቀን ነው የሚሸጡት። የግዢው 1.9 ሚሊዮንም ዛሬ ስለሚከፈል ምንም አይነካውም። ከሱ ነፃ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። አንዳንዱ ላሞቹንም `B6` ላይ ከወተቱ ጋር ደምሮ በዚያው ማባዣ ያባዛል። 500,000 ብሩ ዛሬ 163,840 መሆን ሲገባው 183,179 ይሆናል። 19 ሺህ ብር ከሜዳ ተገኘ። ሌላው ደግሞ የግዢውን ዋጋ `NPV` ቅንፍ ውስጥ ይከተዋል። ዋጋውን መጀመሪያ ላይ ካስገባው ዛሬ የሚከፈለው ገንዘብ ከዓመት በኋላ እንደሚከፈል፣ የወተቱም ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓመት እንደሚዘገይ ይቆጠርና መልሱ ይበላሻል።

ይህን ስህተት የምይዝበት ቀላል መንገድ አለኝ። የግዢውን ዋጋ በ100,000 ብር ከፍ አደርገዋለሁ። መልሱ ልክ 100,000 መቀነስ አለበት። 89,443 ብቻ ከቀነሰ ዋጋው ቅንፍ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የላሞቹን ስህተት ደግሞ በሁለቱ ጠቅላላ ዋጋዎች ንጽጽር አየዋለሁ። የአጋማሹ ለመጨረሻው ሲካፈል ልክ 1.118 ከመጣ ላሞቹም አብረው ተገፍተዋል። በትክክል ሲሠራ 1.107 ነው የሚመጣው።

የጓደኛው ፋይል ሁለቱንም አለፈ። ልጁ ጎበዝ ነው። በዚህ ብናቆም ኖሮ ግዛ ነበር የምንለው።

በረቱን ካየን በኋላ

ቅዳሜ እንጦጦን ተሻግረን ወረድን። ያኔ ሜዳው ግማሹ ታጭዷል። የቀረው ወርቃማ ሆኖ ቆሟል። መንገዱን የሞላው ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ነው። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ቡና አስፈሉልንና ደብተራቸውን አመጡ። ሂሳባቸው ከብዙ ድርጅት ይሻላል። በግራ ገጽ የወተቱ ሊትርና ብር፣ በቀኝ ገጽ ወጪ።

የቀኙን ገጽ ሳገላብጥ ፋጉሎና ፉርሽካ በየወሩ ይታያል። የእረኛው ደመወዝ በየወሩ። የእንስሳት ሐኪም አልፎ አልፎ። ድርቆሽ ግን ኅዳር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው። 240,000 ብር። ሌላው ወር ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ድርቆሹን ዓመቱን ሙሉ በአንዴ ነው የሚገዙት?» አልኳቸው።

«ታዲያስ! ሰኔ ላይ ልገዛ ነው? ሰኔ ላይማ ማን ይችለዋል» አሉኝ። ከዚያም ወደ መጋዘኑ ወሰዱን። ግማሹ እስከ ጣሪያው ተሞልቷል። ግማሹ ባዶ ነው። «የቀረውን ኅዳር ላይ ትሞሉታላችሁ። የተከመረው ግን የኔ ነው፣ ለብቻው ነው ዋጋው።»

የአክስቴ ልጅ 600,000 ያለው ቁጥር ውስጡ ሁለት ነገር ነው። በዓመት ውስጥ እኩል የሚመጣ 840,000 ብር አለ፣ ወተቱ ከወርሃዊ ወጪዎቹ ተቀንሶ። ከዚያ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚወጣ 240,000 ብር አለ፣ ድርቆሹ። ሁለቱ ተቀናንሰው 600,000 ሲሆኑ እኩል የሚፈስ ገንዘብ ይመስላሉ። አይደሉም። ርክክቡ ኅዳር 1 ስለሆነ ድርቆሹ የሚከፈለው ዓመቱ ሲጀምር ነው። አንደኛው ዛሬ ይከፈላል፣ ሁለተኛው ከዓመት በኋላ፣ አምስተኛው ከ4 ዓመት በኋላ።

ለየብቻ አሰላነው። የወተቱ 840,000 በአጋማሽ ስሌት ለ5 ዓመት 2,525,633 ብር ሆነ። ድርቆሹ በዓመቱ መጀመሪያ ስሌት 806,784 ብር ሆነ። ሲቀነስ 1,718,849። የላሞቹ 163,840 ሲደመር 1,882,689 ብር።

ጋሼ የጠሩት 1,900,000 ነው። 17 ሺህ ብር ገደማ ይጎድላል። የዓመት መጨረሻው ስሌት እርባታውን ከመቶ ሺህ ብር በላይ አራከሰው። አጋማሹ ደግሞ 85 ሺህ ብር አስወደደው። ጓደኛው አጋማሽን መምረጡ ልክ ነበር። የተሳሳተው ለተጣራው ገንዘብ መምረጡ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ፦ የገንዘቡ መሃል የት ነው?

እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው «አጋማሽ ልጠቀም ወይስ መጨረሻ?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከምትከፍልበት ቀን ጀምረህ ስትቆጥር የዓመቱ ገንዘብ መሃሉ የት ይወድቃል? ይህን ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። እያንዳንዱን ገንዘብ በሚደርስበት ወር ታባዛለህ። ደምረህ ለዓመቱ ድምር ታካፍላለህ።

በእርባታው እንሞክረው። ወተቱ 840,000 ሲሆን መሃሉ 6 ወር ነው። ድርቆሹ 240,000 ሲሆን መሃሉ 0 ነው። 840,000 በ6 ሲባዛ 5,040,000። ከድርቆሹ የሚቀነስ የለም፣ ዜሮ ነውና። ለ600,000 ሲካፈል 8.4 ወር ይመጣል። የተጣራው ገንዘብ መሃል 6 ወር ሳይሆን 8.4 ወር ላይ ነው። በዓመት 0.7 ማለት ነው። አጋማሽም አይደለም፣ መጨረሻም አይደለም።

ኤክሴሉ ላይ 0.5 የነበረውን ማባዣ በዚህ መቀየር ይቻላል፦

```
=NPV(25%,B2:B6)*(1+25%)^(1-0.7)
```

ይህ 1,725,283 ብር ገደማ ይሰጣል። ለየብቻ ስናሰላው 1,718,849 ነበር። ልዩነቱ 6 ሺህ ብር ነው። ለአንድ መስመር ቀመር ግሩም ነው። ወጪና ገቢ በጣም ተራርቀው ሲቀመጡ ግን ይህ አቋራጭ እየሳተ ይሄዳል። ያኔ ለየብቻ ማስላቱ ይሻላል።

አንድ ሰው ጾሙን አልረሳህም ወይ ይለኛል። አልረሳሁም። በሁዳዴ ወተት ፈላጊው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እኔም መጀመሪያ አጋማሹን የሚያበላሸው እሱ ነው ብዬ ነበር። ቁጥሩ ግን ሌላ አለ። 10 ወር 75,000 ብር ይግባ፣ ሁለቱ የጾም ወራት 45,000 ብቻ ይግባ። ድምሩ ያው 840,000 ነው። የጾሙን ወራት የካቲትና መጋቢት ብለን ከኅዳር ስንቆጥር መሃሉ 6.14 ወር ይሆናል። ከ6 ወር በአራት ቀን ብቻ ፈቀቅ አለ። በ25 በመቶ ዲስካውንት አንድ ወር መዘግየት 1.9 በመቶ ገደማ ያስከፍላል። አራት ቀን ደግሞ ሩብ በመቶ ገደማ። ስለዚህ ገቢው ወር በወር መዋዠቁ ብዙ አያሳስብ። የሚያሳስበው በአንድ ጊዜ የሚገባ ወይም የሚወጣ ትልቅ ገንዘብ ነው። በተለይ ዓመቱ ጫፍ ላይ ካረፈ።

ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች

የጋሼ ጎረቤት ላም የላቸውም። የሣር መሬት ነው ያላቸው። ሣሩን ኅዳር ላይ አጭደው በአንድ ጊዜ ይሸጡታል። የዓመቱ ገቢ ያ ብቻ ነው። «የሳቸውንስ በየትኛው ታሰላዋለህ?» አለኝ የአክስቴ ልጅ። መልሱ መሬቱን ከመቼ ጀምሮ ትይዛለህ በሚለው ነው።

ታኅሣሥ 1 ከተረከብክ የመጀመሪያው ሣር የሚሸጠው በሚቀጥለው ኅዳር ነው። አስራ አንድ ወር ተኩል ያህል ትጠብቃለህ። የዓመት መጨረሻ ስሌት እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ሐምሌ 1 ከተረከብክ ግን ኅዳር አጋማሽ 140 ቀን ብቻ ነው የሚርቀው። 0.38 ዓመት። ገንዘቡ እኩል አይፈስም፣ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ግን አጋማሽ ስሌት ከመጨረሻው ስሌት ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። መጽሐፍ ላይ «እኩል ለሚፈስ ገንዘብ አጋማሽ ተጠቀም» ተብሎ ይጻፋል። እውነት ነው፤ ግን እኩል መፍሰሱ መሃሉን ስድስት ወር ላይ ስለሚያደርገው ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑም እዚህ ላይ ይገባል። የሒሳብ ሪፖርት ላይ የተጻፈው ዓመት እና አንተ ገንዘብህን የምታወጣበት ቀን ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። መስከረም 30 ቀን አንድ ድርጅት ገዛህ እንበል። እስከ ሰኔ 30 የቀረህ 9 ወር ነው፣ 0.75 ዓመት። የዚህ የጎደለ ዓመት መሃል 0.5 አይደለም፣ 0.375 ነው። የሚቀጥለው ሙሉ ዓመት መሃል ደግሞ 0.75 ሲደመር 0.5፣ 1.25 ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብም የ9 ወሩ ብቻ ነው መሆን ያለበት። የአስራ ሁለቱን ወር ገንዘብ አስገብተው 0.375 የሚጽፉ አይቻለሁ። ለሻጩ ጥሩ ነው።

ኪራይ ሌላ ነገር ነው። ዳር ዳር ላይ መጋዘን የሚያከራይ ሰው ብዙ ጊዜ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ይቀበላል። የዓመቱን ቅድሚያ ከተቀበለ መሃሉ ዜሮ ነው። አጋማሹም ያራክስበታል። በየወሩ ከተቀበለ አጋማሽ ይሆናል። የባንክ አክሲዮን ደግሞ ከዚህ ይለያል። ባንኩ ዓመቱን ሙሉ እኩል ያተርፋል። አንተ ጋ የሚደርሰው ግን ጠቅላላ ጉባኤው ከወሰነ በኋላ አንዴ ነው። ባንኩን በሙሉ ስትገምት አጋማሽ፣ የራስህን ዲቪደንድ ስትገምት የሚደርስህ ቀን። የማን ኪስ ነው ብለህ ጠይቅ።

ማብቂያ የሌለው ሥራ ለምትገምቱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ስትጠቀልሉ፣ የስድስተኛውን ዓመት ገንዘብ ዲስካውንቱ ከዕድገቱ ተቀንሶ ለሚገኘው ካካፈላችሁ፣ ያ ቁጥር ከመጀመሪያው ገንዘብ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው የሚያርፈው። የስድስተኛው ዓመት ገንዘብ 5.5 ላይ ከሆነ ቁጥሩ 4.5 ላይ ነው። ስለዚህ በ4.5 ዲስካውንት ይደረጋል። ነገር ግን ያንን ቁጥር ያገኛችሁት «በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ በዓመት ትርፉ አራት እጥፍ እሸጠዋለሁ» ብላችሁ ከሆነ በ5 ነው። ሽያጭ ነውና፣ እንደ ላሞቹ። ሁለቱን ማቀላቀል ዋጋውን በ11.8 በመቶ ያናጋዋል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ትልቁን ቁራጭ።

ቀኑን ራሱን መጻፍ የሚፈልግ

`XNPV` የሚባል አለ። ግምት አያስፈልገውም። እያንዳንዱን ገንዘብ ከነቀኑ ትጽፋለህ፣ እሱ ቀኑን ቆጥሮ ያሰላል። ለእርባታው ሞክሬዋለሁ። ደስ ይላል፣ ግን አምስት ዓመት በየወሩ 60 መስመር ነው። ወተቱን በየወሩ መጨረሻ ስናደርገው ከአጋማሹ 18 ሺህ ብር ገደማ ዝቅ ይላል። ለአንድ እርባታ ግዢ ያ ብቻ ከሆነ ትርፉ፣ 60 መስመር አልጽፍም። ትልልቆቹ ገንዘቦች በተለያየ ቀን የሚመጡበት ሥራ ሲሆን ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

አንድ ወጥመድ አለው። ኤክሴል የምትጽፍለትን ቀን የሚያነበው በፈረንጅ ካላንደር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለህ ከጻፍክ የካቲት ወር መስሎት 30 ቀን የለውም ይላል። ቀን ሳይሆን ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ `XNPV` ደግሞ `#VALUE!` ይላል። ይህ ደህናው ነው፣ ቢያንስ ይጮሃል። ኅዳር 10ን 10/3 ብለህ ስትጽፍ ዝም ብሎ ይቀበልህና ማርች 10 ወይም ኦክቶበር 3 ያደርገዋል። መልስ ይሰጥሃል፣ ግን የሌላ ሰው መልስ ነው። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ አይሞከርም። መጀመሪያ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ ቀይሯቸው። ኅዳር 1 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 10 ነው። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው።

ሌላም አለ። 25 በመቶ ስንል በዓመት አንዴ የሚታሰብ 25 በመቶ ማለታችን ነው። ወር በወር ለመሄድ 25ን ለ12 ማካፈል 2.08 በመቶ ይሰጣል። ትክክለኛው 1.877 በመቶ ነው። 2.08ን ከተጠቀምክ ሳታውቀው ዲስካውንቱን ከ28 በመቶ በላይ አድርገኸዋል።

ድርድሩ

እሑድ ተመለስን። የአክስቴ ልጅ 17 ሺህ ብር ቀንሱልኝ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ መጋዘኑ ላይ ነው። ዋጋውን ያዛባው ድርቆሹ ነው። ድርድሩም እዚያው ላይ ይሁን አልኩት። የተከመረው ግማሽ 120,000 ብር ያወጣል። ለጋሼ ያ ድርቆሽ ላሞቹ ከሄዱ በኋላ ምን ይሠራላቸዋል? ደላላ ጠርተው፣ አስጭነው ሊሸጡት ነው። ለሱ ግን ዛሬ የሚወጣ ገንዘብ ነው፣ አንድ ብሩም ዲስካውንት አይደረግም። አንድ ብር ማለት አንድ ብር ነው።

«ጋሼ፣ 1.9ኙን እከፍልዎታለሁ። ድርቆሹን ግን ባለበት ይተዉልኝ» አላቸው።

ጋሼ ዝም አሉ። ሲኒያቸውን አዙረው አስቀመጡ። «እኔስ ዋጋ ታወርዳለህ ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው የመጋዘኑን ቁልፍ አስመጡ።

በዚህ ስምምነት እርባታው 2,002,689 ብር ያወጣል። የከፈለው 1,900,000 ነው። ባዶው ግማሽ ኅዳር 12 ተሞላ። ከላዩ ላይ ሁለት እስር ሲወርድ ጥጃዋ ጎትታ ስትበላ ፎቶ ልኮልኛል።